የቀዶ ሕክምና ታካሚን የመድኃኒት ሰዓቶች ለሌሊት ነርስ እንዴት እንዳስረከብኩ

በቀዶ ሕክምና ክፍል የርክክብ ማስታወሻ ላይ በብዛት የሚታየው ሐረግ «መድኃኒት እንደ ትእዛዙ ይቀጥል» የሚለው ነው። ትእዛዙ በታካሚው ካርድ ላይ ስላለ ይህ ሐረግ ለሌሊቷ ነርስ የሚጨምርላት ነገር የለም። እሷ የምትፈልገው እያንዳንዱ መድኃኒት በመጨረሻ የተሰጠበትን ትክክለኛ ሰዓት፣ ቀጣዩ የሚደርስበትን ሰዓትና ከመስጠቷ በፊት ምን ማየት እንዳለባት ነው። ማስታወሻዬን በዚህ መልክ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ካስረከብኳቸው ታካሚዎች ውስጥ አንዲቱን ወስጄ አሠራሩን ላስረዳ።

ታካሚዋ 62 ኪሎ ግራም የምትመዝን፣ የመድኃኒት አለርጂ የሌለባት፣ ኩላሊቷና ጉበቷ ደህና የሆኑ ጎልማሳ ስትሆን፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀት ሆዷ ተከፍቶ ወጥቶላታል። ከኦፕሬሽን ክፍል ወደ እኛ የመጣችው ከቀኑ 9 ሰዓት አልፎ ነበር፤ ርክክቡ ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። የሐኪሙ ትእዛዝ ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም በየ12 ሰዓቱ፣ ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ፣ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ በደም ሥር፣ ሞርፊን 5 ሚሊግራም ከቆዳ ሥር በ4 ሰዓት ልዩነት ሲያስፈልግ፣ እንዲሁም ኢኖክሳፓሪን 40 ሚሊግራም ከቆዳ ሥር በቀን አንዴ የሚል ነበር።

ማስታወሻውን ስጀምር መጀመሪያ ያነበብኩት የእኛን ክፍል የመድኃኒት ቅጽ ሳይሆን የማደንዘዣ መዝገቡን ነው። ከቀዶ ሕክምና የመጣ ታካሚ የመጀመሪያ መጠኖቹን ብዙ ጊዜ የሚወስደው እዚያው ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ እነዚህ መጠኖች በእኛ ቅጽ ላይ አይታዩም። የታካሚዋ መዝገብ ሁለቱም አንቲባዮቲኮች ሆዷ ከመከፈቱ በፊት ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ፓራሲታሞል ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ሲያበቃ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ እንደተሰጣት ያሳያል። በክፍላችን ልማድ በየ6 ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት የሚሰጠው በ12 እና በ6 ሰዓት ነው። ይህ ልማድ ቢጠበቅ ኖሮ ታካሚዋ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ማለትም ከቀደመው መጠን ሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ሌላ ግራም ፓራሲታሞል በወሰደች ነበር። በሁለት መጠኖች መካከል ከ4 ሰዓት ማነስ የለበትም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ክብደቱ ከ50 ኪሎ በላይ የሆነ ጎልማሳ ከ4 ግራም በላይ መውሰድ የለበትም። ስለዚህ ከልማዱ ሰዓት ወጥቼ ቆጠራውን ከመዝገቡ ጀመርኩና እንዲህ ጻፍኩ፦

«ፓራሲታሞል 1 ግራም፦ በመጨረሻ የተሰጠው ከቀኑ 8፡30 በኦፕሬሽን ክፍል ነው። ቀጣዩ ከምሽቱ 2፡30፣ ከዚያም ከሌሊቱ 8፡30 ይሰጣል። ከእያንዳንዱ መጠን በፊት የሰውነት ሙቀቷ ይለካና ይመዝገብ።»

የሙቀቱን ነገር የጨመርኩበት ምክንያት አለኝ። አንጀቱ ፈንድቶ በነበረ ታካሚ ላይ የሚነሳ ትኩሳት ቀዶ ሐኪሙ ሊያውቀው የሚገባ ምልክት ሲሆን፣ ፓራሲታሞል ግን ትኩሳቱን ያወርደዋል። ሙቀቱ ከመድኃኒቱ በኋላ ብቻ ከተለካ ጠዋት ላይ የሚነበበው ሰንጠረዥ ጤናማ መስሎ ሊታይ ይችላል።

አንቲባዮቲኮቹም ከቀኑ 6 ሰዓት ተነስተው ሲቆጠሩ ሜትሮኒዳዞል ከምሽቱ 2 ሰዓትና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ ሴፍትሪያክሶን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። እዚህ ላይ ከሰዓቱ ይልቅ ያሳሰበኝ መሥመሩ ነው፤ ታካሚዋ ያላት አንድ ካኑላ ብቻ ሲሆን በእሱ የሚወርደው ሪንገር ላክቴት ነው። ሪንገር ላክቴት ካልሲየም ስላለው ከሴፍትሪያክሶን ጋር በአንድ መሥመር ከተገናኘ ነጭ ዝቃጭ ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ «ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሪንገሩ ይቁም፤ መሥመሩ በኖርማል ሳላይን ይታጠብ፤ ሴፍትሪያክሶኑ በ30 ደቂቃ ይግባ፤ መሥመሩ እንደገና ታጥቦ ሪንገሩ ይቀጥል» ብዬ ቅደም ተከተሉን አንድ በአንድ ጻፍኩ። ልምድ ያላት ነርስ ይህን ታውቃለች፤ ነገር ግን እኩለ ሌሊት ላይ ሌሎች ታካሚዎች ሲጣሩ ሪንገር እየወረደ መሆኑን ከወረቀቱ ላይ ማየቷ ይጠቅማታል።

ለሞርፊን «ቀጣዩ በዚህ ሰዓት ይሰጣል» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ ሲያስፈልግ የሚሰጥ መድኃኒት ወደ መደበኛ መድኃኒት ይለወጥና ታካሚዋ ተኝታም ሳለ ሊሰጣት ይችላል። እኔ የጻፍኩት «ከቀኑ 11፡40 ተሰጥቷል፤ ሕመሟ በ40 ደቂቃ ውስጥ ከ7 ወደ 3 ወርዷል፤ ከምሽቱ 3፡40 በፊት አይደገምም» የሚል ነው። ቀጥሎም ከመስጠቷ በፊት ታካሚዋ በቀላሉ መንቃቷንና በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትተነፍስ እንድታይ፣ ትንፋሿ ከ10 በታች ከሆነ ወይም በንግግር መሃል እንቅልፍ የሚወስዳት ከሆነ መድኃኒቱን ሳትሰጥ ተረኛ ሐኪሙን እንድትጠራ አሰፈርኩ። የእንቅልፉ መብዛት አብዛኛውን ጊዜ ከአተነፋፈሱ መቀነስ ቀድሞ ስለሚታይ ትንፋሽ መቁጠር ብቻውን አይበቃም።

ኢኖክሳፓሪን ሐኪሙ በወሰነው መሠረት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው መጠን ነበረ። ከመርፌው በፊት የቁስሉ ፋሻና ድሬኑ እንዲታዩ፣ ፋሻው በደም ከራሰ ወይም ድሬኑ በድንገት ብዙ ትኩስ ደም ካወጣ ሳይሰጥ ሐኪሙ እንዲጠራ ጻፍኩ። በመጨረሻም ቤቷ ትወስደው የነበረው የደም ግፊት ክኒን በአፍ ምንም ስለማትወስድ በሐኪም ትእዛዝ መቆሙን ጨመርኩ፤ እንዲህ ካልተባለ የተረሳ ይመስላል።

ርክክቡን ያደረግነው አልጋው አጠገብ ነው። የሌሊቷ ነርስ ማስታወሻዬን ስታነብ እኔ ትእዛዙንና የመድኃኒት ቅጹን ይዤ እያንዳንዱን መሥመር አመሳከርን። ወረቀቱ ትእዛዝን ስለማይተካ የጻፍኩበትን ሰዓት ራሱ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የቀየረው ነገር ካለ ቅጹ ይበልጣል። ስንጨርስ «ሲስተር፣ ሕመሙ ከ3፡40 በፊት ቢበረታስ?» አለችኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ማስታወሻዬ «አይደገምም» ብሎ ቆሟል። ሁለቱም ማስታገሻዎች ተሰጥተው እየበረታ የሚሄድ ሕመም፣ በተለይ የልብ ምት መፍጠን ወይም የሆድ መጠንከር ካለበት፣ የውስጥ መድማት ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ልዩነቱን ማሳጠር ሳይሆን ሐኪም መጥራት እንደሚገባ ተስማማንና ከሞርፊኑ መሥመር ሥር ጻፍነው።

ያን ሌሊት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ካኑላው ያለበት እጅ አብጦ ተገኘ። ሌላ ካኑላ ገብቶ ሜትሮኒዳዞሉ ሲጀመር 2፡50 ሆኗል፤ ፓራሲታሞሉም እሱ እስኪያልቅ ጠብቆ 3፡20 ላይ ተሰጠ። የሌሊቷ ነርስ ከተረኛ ሐኪሙ ጋር ተነጋግራ የሜትሮኒዳዞሉን ቀጣይ መጠን በ10 ሰዓቱ አቆየችው፤ ፓራሲታሞሉን ግን ከእውነተኛው ሰዓት ቆጥራ ወደ ሌሊቱ 9፡20 አዛወረችው። እኔ ጠዋት ስመለስ ቀጣዩን በ2፡30 ፈንታ በ3፡20 ሰጠሁ። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ መድኃኒት ጎን ቢዘገይ ቀጣዩ ሰዓት መዛወር ያለበት መሆኑንና አለመሆኑን ቀድሜ ከሐኪሙ ጠይቄ እጽፋለሁ፤ ትክክለኛው የመስጫ ሰዓት የሚሞላበት ባዶ ቦታም እተዋለሁ።