ጤነኛዋ ፖዘቲቭ፣ ታማሚዋ ኔጌቲቭ

ኮምቦልቻ በአንድ ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል ስሠራ ያጋጠመኝ ነው። ዓርብ ቀትር ላይ እናትና ልጅ ገቡ። ውጭ ያለው ሙቀት በላብ ያጠምቃል፤ እናትየው ግን ጋቢ ተከናንበዋል።

ማክሰኞ ደሴ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደው ሁለቱም ለቲቢ ምርመራ ክንዳቸውን ተወግተዋል። ደምም ሰጥተዋል፤ ደሙ አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ይቆያል ተብለዋል። የክንዱ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ መነበብ አለበት። ደሴ መመለሱ ስለከበዳቸው ወደ እኛ መጡ።

ልጅቷ ክንዷን ዘረጋች። ቅላቱ ሰፊ ነው፣ ያስደነግጣል። የሚለካው ግን ቅላቱ አይደለም፤ ጠጣሩ እብጠት ነው። እስክሪብቶዬን ከዳር ወደ መሃል ቀስ እያልኩ ገፋሁት። ጫፉ ጠጣሩን ሲነካ ያዝ ያደርገዋል፤ መስመሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ከወዲያኛው ዳርም እንዲሁ አደረግሁ። በሁለቱ መስመሮች መሃል 15 ሚሊ ሜትር ሆነ። የእናትየው ክንድ ላይ ግን ምንም የለም። ዜሮ።

ልጅቷ አለቀሰች። እናትየው "እኔን ልጄ" እያሉ አቀፏት። እኔም ሐሳቤ ሁሉ ወደ ልጅቷ ሄደ።

"እማማ፣ ሳሉ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?" አልኳቸው።

"ከረመዳን ወዲህ ነው ሲስተር። ብርዱ ነው።"

ረመዳን ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ አክታ ይመርመር እያልኩ በየቀኑ የምናገረው እኔ ነኝ። ያቺ ዜሮ ግን ጆሮዬን ደፈነችው። ለእናትየው የተለመደውን የሳል መድኃኒት አስይዤ ሸኘኋቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የደሙን ውጤት ይዘው ተመለሱ። የልጅቷ ፖዘቲቭ ይላል። የእናትየው ግን ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም አይደለም፤ "መወሰን አልተቻለም" የሚል ነው። ክብደታቸው 39 ኪሎ ደርሷል። ወረቀቱን ለክፍሉ ኃላፊ አሳየሁት። ሳያነበው በፊት "አክታቸውስ?" አለኝ። ዝም አልኩ።

ነገሩን እዚያው አስረዳኝ። በደም ምርመራው የቲቢ ባክቴሪያ ፕሮቲኖች ከደሙ ጋር ይቀላቀላሉ። የደሙ ሕዋሳት ባክቴሪያውን ከዚህ ቀደም የሚያውቁት ከሆነ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ የሚለካው እሱ ነው። ፕሮቲኖቹ በቢሲጂ ክትባት ውስጥ ስለሌሉ፣ የልጅቷ ውጤት ከክትባት የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ከጎኑ ደግሞ ማንኛውንም ደህና ሕዋስ የሚቀሰቅስ ነገር ያለበት የማነጻጸሪያ ብልቃጥ አለ። የእናትየው ደም እዚያም ዝም ብሏል። እንግዲህ ምርመራው "ቲቢ የለም" አላለም። "ይህ ደም ሊመልስልኝ አልቻለም" ነው ያለው። ክንዳቸውም ዜሮ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነበር። በሽታውና ክሳቱ የመከላከል አቅማቸውን አድክሞታል፤ የደከመ አካል ለመርፌው አያብጥም።

የዚያኑ ቀን አክታ ሰጡ። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የአክታ መመርመሪያ ማሽን ቲቢውን አገኘው፤ ደግነቱ ዋናውን የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲንን የተላመደ አልነበረም። ኤችአይቪም ተመርምረው ነፃ ናቸው። የስድስት ወሩን ሕክምና ጀመሩ።

ልጅቷስ? ሳል የለ፣ ትኩሳት የለ፣ ላብ የለ። ክብደቷ አልቀነሰም፣ ራጇም ንጹሕ ነው። ባክቴሪያው ሰውነቷ ውስጥ አለ፤ ግን ተኝቷል። ወደ ሌላ ሰውም አታስተላልፍም። የክንዱም ሆነ የደሙ ምርመራ የተኛውን ከነቃው አይለይም፤ ሁለቱም የሚናገሩት ሰውነቷ ባክቴሪያውን እንደሚያውቀው ብቻ ነው። እብጠቱ ስለሰፋም ሕመሙ ባሰ ማለት አይደለም። የነቃ ቲቢን የምንይዘው በምልክት፣ በራጅና በአክታ ነው።

ይህን ሳናጣራ መከላከያ መድኃኒት አንሰጥም። መከላከያው ለተኛው ጥቂት ባክቴሪያ የተመጠነ ነው። አራት መድኃኒት ለሚያስፈልገው የነቃ ቲቢ ከተሰጠ፣ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። ቲቢ ከተኛባቸው ሰዎች በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከ100 ውስጥ ከ5 እስከ 10 ያህሉ ናቸው፤ አብዛኞቹም ባክቴሪያው በገባ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት። እሷ ደግሞ ከምታስል እናቷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምታድረው። ኢሶናያዚድና ሪፋፔንቲን በሳምንት አንድ ቀን፣ ለሦስት ወር ጀመረች። 12 ጊዜ መዋጥ ማለት ነው።

የመጨረሻዋን በዋጠች ቀን ገንዘብ በመሐረብ ቋጥራ መጣች። "ሲስተር፣ ደሴ ሄጄ ደሜን ልመርመር? መዳኔን ልወቅ።"

"አትመርመሪ" አልኳት። ሰውነት አንዴ ያወቀውን ቶሎ አይረሳም፤ መድኃኒቱን በትክክል ጨርሳም ቢሆን ክንዷም ደሟም ፖዘቲቭ ሊሉ ይችላሉ። ያ ወረቀት ደግሞ እንደገና ያስለቅሳታል። የጨረሰችበትን ቀን ካርዷ ላይ ጽፌ ሰጠኋት፤ ወደፊት ማንም ክንዷን ልይ ቢላት እንድታሳየው። ሳል ወይም ትኩሳት ከያዛት ግን አክታዋን ይዛ እንድትመጣ ነገርኳት። እናትየው በር ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር፤ ጋቢያቸውን አጣጥፈው በክንዳቸው ይዘውታል።