የጋዜጣዊ መግለጫ እርማት፦ ርዕሱን በመጨረሻ ማንበብ

ጋዜጣዊ መግለጫዎችን ማረም ከለመድኩ ወዲህ የአነባበብ ቅደም ተከተሌ ተለውጧል፤ ቀድሞ ከርዕሱ ተነሥቼ ወደ ታች እወርድ ነበር፣ አሁን ግን ርዕሱን የማየው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ለዚህም አንድ ቤተ መጻሕፍት ስለሚከፍተው የንባብ አዳራሽ የተዘጋጀን መግለጫ በምሳሌነት አቀርባለሁ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ጥቅሱ ነበር። ረቂቁ «አዳራሹ ለሁሉም አንባቢዎች ክፍት እንደሚሆንና እኛም በቂ ዝግጅት አድርገናል» ሲሉ ኃላፊዋ አረጋገጡ ይላል። «እንደሚሆን» የጸሐፊው አነጋገር ነው፤ «አድርገናል» ግን የተናጋሪዋ ነው፤ ስለዚህ በአንድ የትእምርተ ጥቅስ ክልል ውስጥ ሁለት ሰዎች ይናገራሉ። ሰዋስዉን አስተካክዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ሆኖም ያን ባደርግ ያልተናገሩትን ቃል በአፋቸው ማስገባት ስለሚሆን፣ ኃላፊዋ ቃል በቃል ያሉት የትኛውን እንደሆነ አዘጋጁን በኅዳግ ማስታወሻ ጠየቅኩ። የሁለተኛው ክፍል ብቻ መሆኑ ሲነገረኝ፣ ኃላፊዋ አዳራሹ ለሁሉም አንባቢዎች ክፍት እንደሚሆን ገልጸው፣ «እኛም በቂ ዝግጅት አድርገናል» ብለዋል በሚል ተስተካከለ። «አረጋገጡ» የሚለውንም አወጣሁት፤ ገና ያልተከፈተ አዳራሽ ምኑ ይረጋገጣል? የኃላፊዋ ሙሉ ስምና የሥራ ድርሻ የተጻፈው በሁለተኛው ጥቅስ ላይ ስለነበር ወደ መጀመሪያው አመጣሁት።

ቀኑ «ሐሙስ፣ ማርች 15 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.» ተብሎ ነበር፤ የቀን መቁጠሪያው ግን ዕለቱን ዓርብ ይለዋል። እዚህ ላይ አራሚው አንዱን መርጦ ማረም የለበትም፤ የተሳሳተው ዕለቱ ይሁን ቁጥሩ ከጽሑፉ አይታወቅምና አዘጋጁ ራሱ ሊመልስ ይገባል። «ነገ» የሚለውም በቀን ተተካ፤ መግለጫው የሚነበብበትን ዕለት የላከው ሰው አያውቀውም።

የመገናኛ አድራሻውን በዓይን ማንበብ አይበቃም። ስልኩን ደወልኩ፤ የኢሜይል አድራሻውንም ተጫንኩት፤ በላዩ የሚታየው ጽሑፍ አዲስ ሆኖ ሳለ ከሥሩ ያለው ማያያዣ ግን ከቀድሞ መግለጫ የተረፈና ወደ ሌላ ሰው የሚወስድ ነበር። አሮጌ ፋይል እየተገለበጠ በሚሠራበት ቢሮ ይህ የተለመደ ነው።

በመጨረሻ ርዕሱ፦ «ቤተ መጻሕፍቱ ዘመናዊ የንባብ አዳራሽ መክፈቱ ተገለጸ።» አካሉ ወደፊት እንደሚከፈት ስለሚናገር «መክፈቱ» አይስማማም፤ ገላጩ ራሱ ተቋሙ ስለሆነ «ተገለጸ» ትርፍ ነው፤ አራት ነጥቡም ለርዕስ አያስፈልግም። «ዘመናዊ» የሚለውን ግን በራሴ አልሰረዝኩትም፤ በአካሉ የሚደግፈው ነገር እንዳለ ጠየቅኩ። አዘጋጁም አዳራሹ የድምፅ መጻሕፍት ማዳመጫ እንዳለው በመጀመሪያው አንቀጽ ጨመረ፤ ርዕሱም «ቤተ መጻሕፍቱ የድምፅ መጻሕፍት ማዳመጫ ያለው የንባብ አዳራሽ ሊከፍት ነው» ሆኖ ወጣ።