የ150 ብሩ ነገር

ባህር ዳር፣ አባይ ማዶ። ዛሬ ማታ የሱቃችንን ሒሳብ ስንዘጋ መሳቢያው 150 ብር ጎደለ። የሻጯ ፊት ተለዋወጠ። «ቆይ፣ ገና ነው» አልኳት። ጥሬ ብር ብቻ ቆጥሮ ሰው መጠርጠር አልወድም።

በመዝገቡ የጥሬው ሽያጭ 9,200 ነው። መሳቢያው ውስጥ 10,050 አለ፤ ጠዋት ለመልስ ያስቀመጥነው 1,000 ሲቀነስ 9,050። የካርዱ ቀላል ነበር፤ የፖስ ማሽኑ የቀን መዝጊያ ወረቀትና መዝገባችን 2,500 ላይ ተገናኙ። በቴሌብር ግን 6,700 መሆን ሲገባው 6,850 ገብቷል። (የምደምረው በሱቁ ስልክ የገባውን ነው። ደንበኛ የሚያሳየኝን ስክሪንሾት አልቆጥርም።)

አንዱ ጋ የጎደለው ሌላው ጋ በዚያው ልክ ከተረፈ፣ ብሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም ማለት ነው። ስለዚህ ከመዝገቡ የሚበልጥ ክፍያ ፈለግን። ከሰዓት 500 ብር ገብቷል፤ የተሸጠው የ350 ነው። ልጅቷ ወዲያው ትዝ አላት። «እንዴ! ለባጃጅ ጥሬ ብር አጣሁ ያሉት እትዬ ናቸው!» የተረፈውን 150 ብር ከመሳቢያው አውጥታ ሰጥታቸዋለች።

ድምሩን ብቻ ብናይ 18,400 ልክ ነው ብለን ዘግተን እንሄድ ነበር። ከነገ ጀምሮ እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጥ፣ መጠኑና ሰዓቱ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት መሳቢያው ውስጥ ይገባል።