የወደፊት ባልደረባን ምን ልጠይቅ?

ዛሬ ሊቀጥረኝ ያሰበ አንድ መሥሪያ ቤት ጋብዞኝ ክፍሎቹን ስጎበኝ፣ ኃላፊዋ ስልክ ለማንሳት ስትወጣ አብሬው ልሠራ ከምችለው ባለሙያ ጋር ለጥቂት ደቂቃ ብቻችንን ቀረን። «አለቃችሁ ጥሩ ናት?» ብለው «በጣም» ከማለት ሌላ ምርጫ ስለማይኖረው፣ «በቅርቡ የተበላሸ ሥራ ነበር? ከዚያ በኋላስ ምን ሆነ?» አልሁት።

ለደንበኛ የተሳሳተ ሪፖርት መላኩን፣ ኃላፊዋ ራሷ ለደንበኛው ደውላ ይቅርታ መጠየቋን፣ ከዚያ ወዲህም ማንኛውም ሪፖርት ከመውጣቱ በፊት ሁለተኛ ሰው እንደሚያየው ነገረኝ። እኔን የያዘኝ ግን የተሳሳተው ማን እንደሆነ ሳልጠይቀው «እኔ ነኝ የላክሁት» ማለቱ ነው፤ ቅጣት በሚፈራበት ቤት የራሱን ስህተት ለእንግዳ የሚተርክ ሰው እምብዛም አይገኝም።

«ለመጨረሻ ጊዜ ፈቃድ ስትወጣ ሥራህን ማን ሸፈነው?» ስለው ግን ትንሽ ካመነታ በኋላ በየቀኑ ይደወልለት እንደነበር ነገረኝ። ስለዚህ ኃላፊዋ ስህተትን በአግባቡ ብትይዝም ሥራው በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። እርግጥ ነው፣ የአንድ ሰው ምላሽ የአንድ ሰው ልምድ ብቻ ነው፤ አዲስ ተቀጣሪ ቢሆን ደግሞ ስለ ፈቃድ የሚነግረኝ ባልኖረው ነበር። ስለዚህ ውሉን ከመፈረሜ በፊት፣ የነገረኝን ሰው ሳልጠቅስ፣ ፈቃድ የወጣ ሰው ሥራ ለማን እንደሚተላለፍ ኃላፊዋን ራሷን እጠይቃለሁ፤ ተተኪውን በስም ከነገረችኝ አንድ ነገር ነው፣ «እንረዳዳለን» ብቻ ካለችኝ ግን ሌላ።