ስልክ ያበላሸውን የእህቴን መልእክት እንዴት እንደፈታሁት

እህቴ ዱባይ ነው የምትሠራው። እንደ ብዙዎቻችን አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፋለች። ስልኳ ደግሞ የጻፈችው ሁሉ የተሳሳተ እንግሊዝኛ ስለሚመስለው አውቶኮሬክቱ ዝም ብሎ ይቀይረዋል። ባለፈው በእኔ አካውንት 8,000 ብር ላከችና ይሄ መልእክት ተከተለ፦

Lent sort she Dante amidst she new. Mats devil.

አውቶኮሬክት ቃል ከሜዳ አያመጣም። መዝገቡ ውስጥ ካሉት ቃላት ለተጻፈው የሚቀርበውን ይፈልጋል። ፍሬድሪክ ዳሜሮ የተባለ ባለሙያ በ1964 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የፊደል ስህተት ከአራቱ አንዱ ነው፦ አንድ ፊደል መጉደል፣ መጨመር፣ መቀየር ወይም ሁለት ጎረቤት ፊደላት ቦታ መለዋወጥ። ስልኩም የሚያርመው ይህንኑ እያሰበ ነው። ስለዚህ እኛ ወደ ኋላ እንሄዳለን። በእያንዳንዱ እንግዳ ቃል ላይ አንድ ፊደል ብቻ እየነካን አማርኛ እስኪወጣ እንሞክራለን።

ቀላሎቹ ወዲያው ወጡ። devil ማለት dewil፣ ደውል ነው። Mats ማለት mata። she ማለት shi፣ ሺ ነው። sort ማለት sost፤ amidst ውስጥ የገባችውን d ስታወጣት amist ይቀራል። new ግን አልተነካም፤ እንግሊዝኛም ስለሆነ ስልኩ አልፎታል፣ ራሱ «ነው» ነው። gin፣ bet እና sewም እንደዚያው ያልፋሉ፤ እነሱን ልፍታ ብሎ መድከም አያስፈልግም። ሦስት ሺና አምስት ሺ ሲደመር 8,000 ስለሚሆን ከመጣው ብር ጋር ገጠመ። ስድስት ቢሆን ኖሮ sidist ወደ sadist ነበር የሚሄደው።

ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሦስት ሺው የማን ነው? አምስት ሺውስ? ድምሩ ይሄን አይመልስም፤ ብታገላብጠውም ያው 8,000 ነው። እኔ ያነበብኩት «ለእናት ሦስት ሺ፣ ለአንተ አምስት ሺ» ብዬ ነው። አጎቴ ይሄን ሲሰማ ተቆጣ። «ለራስህ በሚመችህ ነው ያነበብከው፤ የትኛዋ ልጅ ናት ለእናቷ አሳንሳ የምትልክ?» አለኝ፣ እናቴ ፊት። እስካሁን ያንገበግበኛል። ወረቀት አውጥቼ ላሳየው ብል ሊያይ እንኳ አልፈለገም።

ወረቀቱ ላይ የነበረው ይሄ ነው። lenat ላይ a ስትጎድል Lent ትሆናለች፤ አንድ ለውጥ። lante ላይ l በD ሲቀየር Dante ይሆናል፤ እሱም አንድ ለውጥ። ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ያለው ትልቁ Dም ቃሉ ከመዝገብ የመጣ የሰው ስም መሆኑን ያሳብቃል። በአጎቴ ንባብ ግን lante ወደ Lent ለመሄድ ሁለት ለውጥ ይፈልጋል፣ lenat ወደ Dante ለመድረስ ደግሞ አራት። ሁለት ለውጥ በስድስት ነው ነገሩ። ስልክ አጠገቡ ያለውን ቃል ትቶ ያን ያህል ሩቅ አይሄድም።

እህቴ ሥራ ላይ ስልክ መያዝ ስለማትችል ብሩን ሳልነካ ጠበቅኩ። በድምፅ ስትመልስ «አምስቱ የኮሌጅህ ክፍያ ነው፣ ለእማዬ ባለፈው ልኬላታለሁ» አለች። አጎቴ ድምፁን ሰማ፣ «እንግዲህ እሷ ካለች» ብሎ ሄደ። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም።

ዘዴው አጫጭር ቃላት ላይ ይደክማል። she ከshiም፣ eshe ተብሎ ከተጻፈ «እሺ»ም ሊመጣ ይችላል፤ «ሦስት እሺ» ትርጉም ስለማይሰጥ ብቻ ነው የለየሁት። ረጃጅም ግሦች ግን ብዙ ጊዜ ሳይነኩ ስለሚያልፉ መጀመሪያ እነሱን ፈልጉ። ማን ለማን እንዳደረገ የሚነግራችሁ የግሡ መጀመሪያና መጨረሻ ነው። የእህቴ መልእክት እንዲህ ያለ ግሥ ስላልነበረው ነው ያን ሁሉ ጭቅጭቅ ያመጣው።

ግራ ሲገባችሁ «ምን ማለትሽ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሳ ትጽፈዋለች፣ ስልኩም መልሶ ያበላሸዋል። የገባችሁን በቁጥር ጻፉና «ልክ ነው?» በሉ፣ ወይም በድምፅ እንድትልክ ጠይቁ።

ሁሉም ሰው «አውቶኮሬክቱን አጥፊው» ነው የሚለው። እኔ አልስማማም። እህቴ ለአሠሪዎቿ በእንግሊዝኛ ስትጽፍ ትፈልገዋለች። የጉግል ኪቦርድ በሆነው ጂቦርድ ላይ አማርኛ ጨምራ ለእኛ በፊደላችን ብትጽፍ ይሻላል። ያ ካልሆነላት፣ ስልኩ ቃል ሲቀይርባት ሌላ ነገር ሳትነካ ወዲያው የማጥፊያውን ቁልፍ ብትጫን ጂቦርድ የራሷን ቃል ይመልስላታል። ብር ስትልክ ደግሞ አሁን «Enat 3000» ብላ በቁጥር ነው የምትጽፈው። ቁጥሩን ስልኩ አይነካውም።