ኩላሊት ለምን ሁለት ስም አላት?

ዘንድሮ ሲ-ዋን፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ የምንማርበት የመጀመሪያው ዓመት፣ ከገባሁ ወዲህ የሕክምና ቃላት የማጠናበትን መንገድ ቀይሬያለሁ። ሙሉውን የእንግሊዝኛ ቃል መሸምደድ ትቼ ሥሩን እይዛለሁ። በጣም የጠቀመኝ ኩላሊት ላይ ስለሆነ እሱን ላካፍላችሁ።

አናቶሚ ስንማር ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ሥር «ሬናል አርተሪ» ነበር። ዋርድ ስንገባ ግን ኔፍራይቲስ፣ ኔፍሮሎጂ የሚሉት በዙ። «ሬን» በላቲን፣ «ኔፍሮስ» በግሪክ ኩላሊት ማለት ነው። ሳንባም እንዲሁ ነው፤ «ፐልሞናሪ» ከላቲን፣ «ኒሞኒያ» ከግሪክ የመጡ ናቸው። ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚቆመው ቅጽል ከላቲን ይመጣል። ከሌላ ሥር ጋር ተጣብቆ የበሽታ ወይም የኦፕራሲዮን ስም የሚሆነው ደግሞ ከግሪክ ነው። ሁልጊዜ ግን አይሠራም። «አፔንዲሳይቲስ» ፊቱ ላቲን፣ መጨረሻው ግሪክ ነው።

የሽንት መውረጃው በጠጠር የተዘጋበት ታካሚ ካርድ ላይ ሦስት ረጃጅም ቃላት ሊገጥሟችሁ ይችላል። የመጀመሪያው ኔፍሮሊታያሲስ ነው። «ሊቶስ» ድንጋይ ስለሆነ፣ ኩላሊት ውስጥ ጠጠር አለ ማለት ነው። ሁለተኛው ሃይድሮኔፍሮሲስ ነው። «ሃይድሮ» ውሃ ነው፤ እዚህ ግን ውሃው ሽንት ነው፣ መውረጃ አጥቶ ኩላሊቱን ወጥሮታል። ሦስተኛው ኔፍሮስቶሚ ነው። «ስቶማ» አፍ ማለት ነው፤ በጀርባ በኩል ቱቦ ገብቶ ሽንቱ ወደ ውጭ ይፈስሳል። ሦስቱን ስታገናኙ የሕመሙ ሂደት ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ ጠጠሩ ዘጋ፣ ሽንቱ ተጠራቀመ፣ መውጫ ተከፈተለት።

ራውንድ ላይ በፍጥነት ሲነገር ግን ኔፍሮስቶሚ፣ ኔፍሮቶሚ እና ኔፍሬክቶሚ ለጆሮ ይመሳሰላሉ። «ቶሚ» መቅደድ ነው፣ «ኤክቶሚ» ቆርጦ ማውጣት። ኔፍሮስቶሚ መውጫ ይከፍታል፣ ኔፍሬክቶሚ ኩላሊቱን ጭራሽ ያስወግዳል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ እዚያው ጠይቁ፤ ለዚህ ማፈር አያስፈልግም።

ሥሩ የማያዋጣበትም ቦታ አለ። «ኦማ» ዕጢ ነው ብለን እንይዛለን፣ ሊምፎማ ላይም ልክ ነው። ሄማቶማ ግን የተጠራቀመ ደም ነው። ትራኮማ ደግሞ ኢንፌክሽን ነው፤ ስሙ የመጣው ሻካራ ከሚል የግሪክ ቃል ነው፣ የዐይን ቆብ ውስጡ ስለሚሻክር። ስለዚህ ሥሩን ለግምት እጠቀምበታለሁ፣ ከዚያ መጽሐፍ ላይ አረጋግጣለሁ።

የማጠኛ ካርዴ ላይ ከእንግሊዝኛው ቃልና ከሥሩ ሥር አንድ የአማርኛ መስመር እጨምራለሁ፣ ለታካሚው እንደምነግረው አድርጌ፦ «እማማ፣ የሽንት መውረጃዎ በጠጠር ስለተዘጋ ሽንቱ ኩላሊትዎ ውስጥ ተጠራቅሟል።» ከሁሉም የሚከብደኝ ይህ መስመር ነው። መጻፍ ካቃተኝ ነገሩ ገና አልገባኝም ማለት ስለሆነ ወደ ፊዚዮሎጂው እመለሳለሁ።

አሁን ሐሞት ከረጢት ላይ ነኝ። «ኮሌ» ሐሞት፣ «ሲስት» ከረጢት፤ ኮሌሲስታይቲስ እዚህ ድረስ ግልጽ ነው። ሲስታይቲስ ብቻውን ሲሆን ግን የሽንት ፊኛ ሆኖ ያርፋል። እነዚህን ሁለቱን የምትለዩበት ዘዴ ካላችሁ ጻፉልኝ።