ጣሪያው ይጮኻል

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሁድ ማታ

አንድ ዘፋኝ ጓደኛዬ የስደት ትዝታ ግጥም ስጠኝ ካለኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። መጀመሪያ የላክሁለት ይኸው፦

አገሬን ናፍቄ ልቤ ተሰበረ፣
እንባዬ እንደ ጎርፍ ሲወርድ አደረ።

የወል ቤት ነው፣ ስድስት ስድስት ቀለም። ቤቱም ይመታል። እሱ ግን በስልክ አንብቦልኝ ሳቀ። «ወንድሜ፣ አንተ የት አለህበት? ይሄን እኮ አዲስ አበባ ተቀምጦ ማንም ይጽፈዋል።»

ተናደድኩ። ቀጥዬ ጎጆ፣ ለምለም መስክና አደይ አበባ የሞላበት ጻፍኩለት። የሚታይ ነገር ነው ብዬ። ይሄኛው ባሰ። እኔ ቂርቆስ የቀበሌ ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ጎጆ ያየሁት በአውቶቡስ መስኮት ነው። የፖስት ካርድ አገር መናፈቄን ራሴም አላመንኩም።

ዛሬ ቡና ስቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ለቀቀው። ወንበር ላይ ወጥቼ በፎጣ ሳራግብ በሩ ተንኳኳ። የፎቁ ጎረቤቴ ነው፣ እሳት መስሎት። ሰፈር ቢሆን ሽታው ሲወጣ ጎረቤት የሚመጣው ሊጠጣ ነው። በሩን ዘግቼ ቡናውን ቆልቼ ሳልጨርስ ጻፍኩት፦

ቡናዬን ስቆላ ጣሪያው ይጮኻል፣
ጎረቤቴ መጥቶ «እሳት ነወይ?» ይላል።

ናፍቆት የሚል ቃል የለበትም። ልጨምርበት እጄን በልቶኝ ነበር፤ ተውኩት።

ሁለተኛው ከእማዬ ስልክ መጣ። «ሁለት ሰዓት ሆነ፣ እራት በልቼ ነው የደወልኩት» አለችኝ። ቀና ብዬ ሰዓቱን ሳይ አንድ ይላል። ሰባት ሰዓት እንራራቃለን፤ እኛ ግን ቀኑን ከንጋት ስለምንቆጥር፣ ቆጣሪው ላይ የሚታየው ልዩነት አንድ ብቻ ነው።

የኔው ሰዓት አንድ ነው የእናቴ ሁለት ነው፣
እዚህ ምሳ ቀርቧል እዚያ ግን ራት ነው።

ከዚህ በፊት ስለ ሰፈራችን ባለሱቅ የጻፍኩት አራት መስመር ነበር፣ ዛሬ ሰረዝኩት። እኔን ሆዴን ይበላኛል፣ ሰውየውን ለማያውቅ ግን ስም ብቻ ነው። ሰዓቱንና ቡናውን ሁሉም ያውቀዋል።

ላክሁለት። አሁን አልሳቀም። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ «በኖቬምበር ሰዓት ሲቀየር ልዩነቱ ሁለት ይሆን የለ? ውሸት ሊሆንብን ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ያኔ የእማዬ ሰዓት ሦስት ይላል። «የእናቴ ሦስት ነው» ብዬ ሞከርኩት፣ ቤቱ ይመታል፣ ግን አንድ ቀለም ይጎድለዋል።

«ሦስትን ጎትቼ እዘፍናታለሁ» አለ።